ፍርድ በመጨረሻ ገጹ ብቻ አይነበብም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የፍርድ ቤት ውሳኔ ለማንበብ ጠበቃ አያስፈልግህም። አንደኛ፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብብ፤ ሌላው ሐተታ ነው። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ፍሬ ነገሩ ነው፤ ፍርድ ቤት የጻፈው ስለሆነ እንዳለ ውሰደው። ሦስተኛ፣ ምክንያቱን ለማወቅ የተጠቀሱትን የሕግ ቁጥሮች ፈልግ፤ ቁጥሩ ካለ ምክንያቱ አለ። አራተኛ፣ ተመሳሳይ የሰበር ውሳኔ ካገኘህ ጉዳይህ አለቀ፤ እዚያ ማን እንደረታ ማየት ብቻ ነው።»

ይህ ምክር በስልክ እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደብረ ማርቆስም ደርሷል። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሰው ፍርዱን ራሱ ያንብብ ማለታቸውንም እደግፋለሁ። ግን አራቱን ነጥቦች እንዳሉ ይዞ የሄደ ገበሬ መሬቱን ወይም ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በተራ በተራ ልመልስ።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ፍርድ ይዘን እንሂድ። ስም፣ ቀበሌና የመዝገብ ቁጥር የለውም፤ እዚህ ጎጃም ውስጥ ከሚያጋጥሙ የመሬት ክርክሮች አዋህጄ የሠራሁት ምሳሌ ነው። አጻጻፉ ግን ወረዳ ፍርድ ቤት የሚጽፈው ዓይነት ነው።

ከሳሽ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ተከሳሹ የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። የሚከራከሩት ስለ ሁለት ጥማድ የጤፍ መሬት ነው። እናታችን «በ2009 ዓ.ም. ለሦስት ዓመት በ24,000 ብር አከራየሁት፤ ጊዜው ሲያልቅ አልለቅም አለኝ። መሬቴን ይልቀቅልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለበላው የሦስት ዓመት ምርትም 36,000 ብር ይክፈለኝ» ይላሉ። ተከሳሹ ደግሞ «አከራይተውኝ ሳይሆን በ60,000 ብር ሸጠውልኝ ነው፤ ሰነድም አለኝ። ሽያጩ አይጸናም ከተባለ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይላል። ፍርዱ አምስት ገጽ ነው። የመጨረሻው ገጽ ይህን ይመስላል፦

ውሳኔ

1. ተከሳሽ ክስ የቀረበበትን መሬት ለቀው ለከሳሽ ያስረክቡ ብለናል።
2. ከሳሽ ከተከሳሽ የተቀበሉትን 60,000 ብር ለተከሳሽ ይመልሱ ብለናል።
3. ከሳሽ ያቀረቡት የምርት ግምት ጥያቄ ውድቅ ተደርጓል።
4. ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ወጪና ኪሳራ ይቻሉ።

ትእዛዝ

ይግባኝ መብት ነው። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

ስለ መጨረሻው ገጽ

ንባቡ ከመጨረሻው ገጽ ይጀምር ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። እኔም የማላውቀው ፍርድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማገላብጠው «ውሳኔ» የሚለውን ርእስ ፍለጋ ነው። ከዚህ በታች ያለው ነው የሚፈጸመው። የአፈጻጸም ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ «ማን እውነት ተናገረ?» ብሎ አይመረምርም። በተራ ቁጥር የተጻፈውን አይቶ ያንኑ ያስፈጽማል።

ችግሩ ይህን ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው ገጹን ራሱን እንኳ ሊረዳው አለመቻሉ ነው። ተራ ቁጥር 1ን እንየው። «ክስ የቀረበበትን መሬት» ይላል። የትኛውን መሬት? እናታችን ሦስት ቦታ የተለያየ ማሳ ቢኖራቸውስ? መልሱ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የክሱ ማጠቃለያ ውስጥ ነው። እዚያ ጎጡ፣ ስፋቱና አዋሳኞቹ ይጻፋሉ፤ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የእገሌ ይዞታ፣ በሰሜን ጅረት፣ በደቡብ የእገሊት ይዞታ እየተባለ። ቀበሌው መሬቱን ለማስረከብ ሲወጣ ገመድ የሚጥለው በእነዚህ አዋሳኞች ላይ ነው። አዋሳኙ ክሱ ላይ በስህተት ከተጻፈ፣ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ውሳኔው አሸናፊ ሆኖ ሳለ ማሳው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ቀጥሎ ተራ ቁጥር 2 አለ። ሰው ከችሎት ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ረታን ወይስ ተረታን?» ነው። ልጃቸው ተራ ቁጥር 1ን ያነብና «ረተናል እማዬ!» ብሎ ይዟቸው ይሄዳል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጠላ ይጠመቃል። 60,000 ብር መመለስ እንዳለባቸው የሚሰሙት ተከሳሹ የአፈጻጸም ማመልከቻ ሲያስገባ ነው። በዚህ ፍርድ ውስጥ እናታችን በመሬቱ በኩል የፍርድ ባለመብት፣ በገንዘቡ በኩል ደግሞ የፍርድ ባለዕዳ ናቸው። ተከሳሹም እንደዚያው በግልባጩ። ስለዚህ በውሳኔው ላይ «ማን ረታ?» የሚለውን ትቶ በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር «ማን፣ ለማን፣ ምን ያድርግ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለአራቱ ተራ ቁጥሮች አራት መልስ ይገኛል። አንዳንዱ መልስ «ማንም ምንም አያደርግም» ይሆናል፤ ተራ ቁጥር 3 እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሳኔው የትኛው ይቅደም አይልም። መሬቱ መጀመሪያ ይለቀቅ ወይስ ገንዘቡ መጀመሪያ ይመለስ? አንዳንድ ጊዜ ሐተታው ውስጥ «ከሳሽ ገንዘቡን ሲመልሱ ተከሳሽ ይልቀቅ» የሚል ሐረግ ይገባና ውሳኔው ላይ ሳይደገም ይቀራል። ያኔ በአፈጻጸም ላይ ሌላ ክርክር ይነሣል። ይህን ዓይነት ክፍተት ማየት የሚችለው ሐተታውንና ውሳኔውን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ብቻ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ መልስ ሊሰጥበት የያዘውን ጥያቄ፣ በጭብጡ ላይ የተደረሰበትን ውሳኔና ምክንያቱን እንዲይዝ የሚያዘው በከንቱ አይደለም። ሐተታ የተባለው ነገር ሕጉ ግድ ያለው ነው።

ስለ ፍሬ ነገሩ

ከአራቱ ምክሮች ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የፍርዱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚናገረው ዳኛው አይደለም። ዳኛው የተከራካሪዎቹን ቃል እያሳጠረ እየጻፈ ነው።

የእኛ ፍርድ ገጽ 1 እንዲህ ይጀምራል፦ «ለዚህ መዝገብ መከፈት ምክንያት የሆነው ከሳሽ ባቀረቡት ክስ ሲሆን፣ ይዘቱም ከሳሽ መሬቱን ለሦስት ዓመት በ24,000 ብር ለተከሳሽ ያከራዩ መሆኑን፣ ተከሳሽም ጊዜው ሲያበቃ ለመልቀቅ ፈቃደኛ አለመሆናቸውን ገልጸው…»። ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲያዩት «ፍርድ ቤቱ ኪራይ ነው ብሏል» ያሰኛል። አላለም። «ገልጸው» ያሉት ከሳሽ ናቸው። ገጽ 2 ላይ ደግሞ «ተከሳሽ በበኩላቸው ሽያጭ ነው ሲሉ ተከራክረዋል» ይላል። ይህም የተከሳሽ ቃል ነው። ሁለቱ ቃሎች በአንድ ፍርድ ውስጥ ተጻፉ ማለት ሁለቱም እውነት ናቸው ማለት አይደለም። ሊሆንም አይችልም።

ዓረፍተ ነገሩ የሚዘጋበትን ግስ ማየት ይጠቅማል። «ብለዋል»፣ «ገልጸዋል»፣ «ጠይቀዋል»፣ «ተከራክረዋል» ካለ የባለጉዳዩ ቃል ነው። «መስክረዋል»፣ «አስረድተዋል» ካለ የምስክር ቃል ነው፤ ዳኛው ይመነው አይመነው ገና አልታወቀም። «ተረድተናል»፣ «ተረጋግጧል»፣ «ሆኖ አግኝተነዋል»፣ «አልተረጋገጠም» ካለ ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ተናገረ። ፍሬ ነገር ብላችሁ መያዝ ያለባችሁ ይህን የመጨረሻውን ነው።

በሁለቱ ክርክሮችና በፍርድ ቤቱ ቃል መካከል ድልድይ የሆነ አንድ አንቀጽ አለ። ብዙውን ጊዜ «የግራ ቀኙ ክርክር በአጭሩ ይህን የሚመስል ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም የሚከተሉትን ጭብጦች ይዟል» ብሎ ይጀምራል። እርሳስ ካላችሁ እዚያ ላይ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ያለው ሰዎች ያሉት ነው። ከመስመሩ በታች ፍርድ ቤቱ መመርመር ይጀምራል። በእኛ መዝገብ የተያዙት ጭብጦች ሦስት ናቸው፦ ውሉ ኪራይ ነው ወይስ ሽያጭ? ሽያጭ ከሆነ ይጸናል ወይስ አይጸናም፣ ካልጸናስ ውጤቱ ምንድን ነው? ከሳሽ የምርት ግምት ሊያገኙ ይገባል ወይስ አይገባም?

ከመስመሩ በታች፣ ገጽ 3 ላይ ይህ ተጽፏል፦ «በተከሳሽ በኩል የቀረበው ሰነድ ከሳሽ መሬቱን በ60,000 ብር ሸጬ ለቅቄያለሁ ሲሉ በጣት አሻራቸው ያረጋገጡበት ሲሆን፣ ውሉ ሲደረግ የነበሩ ሁለት ምስክሮችም ይህንኑ አስረድተዋል። የከሳሽ ምስክሮች ኪራይ መሆኑን ከከሳሽ ከመስማት በቀር ውሉ ሲደረግ ያልነበሩ መሆኑን ገልጸዋል። ስለሆነም በግራ ቀኙ መካከል የተደረገው ሽያጭ መሆኑን ተረድተናል።»

ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱ በፍሬ ነገሩ ላይ ተከሳሹን ነው ያመነው። እናታችን ያሉት 24,000 ብርም፣ ሦስት ዓመትም፣ ኪራይም አልተረጋገጠም። የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ፍሬ ነገር የወሰደ ሰው የፍርዱን ትክክለኛ ተቃራኒ ይዞ ይወጣል። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ያነበበውም «መሬቱ ለእሳቸው ተወስኗል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አምኗቸዋል» ብሎ ይሳሳታል።

ከተረጋገጠው ሌላ ያልተካደ የሚባልም አለ። እናታችን የመሬቱ ባለይዞታ መሆናቸውን ተከሳሹ አልካደም። እሱ እያረሰው መሆኑም አላከራከረም። እነዚህ ላይ ማስረጃ አይሰማም፤ ፍርዱም በአንድ ሐረግ ያልፋቸዋል፤ «ግራ ቀኙን ያላከራከረ ጉዳይ ነው» ይላል። የአንድ መዝገብ ፍሬ ነገር ያልተካደውና የተረጋገጠው ሲደመሩ የሚገኘው ነው። ከእኛ አምስት ገጽ ውስጥ ሲጨመቅ አራት መስመር አይሞላም፦ ከሳሽ ባለይዞታ ናቸው፤ በ2009 ዓ.ም. በ60,000 ብር ሸጡ፤ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ተከሳሽ ከዚያ ጀምሮ እያረሰ ነው።

(ከዚህ ቀደም ብሎ ተከሳሹ ይርጋን የመሰለ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አንሥቶ ከነበረ የዚያ መልስ በሌላ ቀን በተሰጠ ብይን ውስጥ ይገኛል። ፍርዱ ውስጥ ሙሉውን ካላገኛችሁት አትደንግጡ፤ የብይኑን ግልባጭ ለብቻው ጠይቁ።)

ስለ ሕግ ቁጥሩ

የሕግ ቁጥር ፍርድ ቤቱ የቆመበትን ያሳያል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አያሳይም። ምክንያት የሚባለው ከተረጋገጠው ፍሬ ነገር ተነሥቶ ወደ ሕጉ፣ ከሕጉ ደግሞ ወደ ውሳኔው የሚወስደው መንገድ ነው።

በእኛ ፍርድ ገጽ 4 ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3)፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 እና ቁጥር 1815። እነዚህን ብቻ የገለበጠ ሰው ምን ያውቃል? መንገዱን ግን እንከተል። ውሉ ሽያጭ መሆኑ ተረጋግጧል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። ውል እንዲጸና ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የተዋዋሉበት ጉዳይ ሕጋዊ መሆኑ ነው፤ 1678 ይህን ይላል። የማይሸጥን ነገር መሸጥ ሕጋዊ ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ ውሉ ፈራሽ ነው። ውል ሲፈርስ ደግሞ በ1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። እሳቸው ከውሉ በፊት መሬት ነበራቸው፤ እሱ ገንዘብ ነበረው። መሬቱ ለእሳቸው፣ ገንዘቡ ለእሱ።

አሁን የመጨረሻው ገጽ ተራ ቁጥር 1 እና 2 ከየት እንደመጡ ታየ። እናታችን መሬታቸውን ያገኙት የተናገሩት ስለታመነ አይደለም። የተከሳሹ ቃል ታምኖ፣ ግን የታመነው ነገር ሕግ የሚከለክለው ስለሆነ ነው። ይህ ልዩነት የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ኪራዩ ተረጋግጦ ቢሆን ኖሮ የ60,000 ብሩ መመለስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ውሉ በጊዜው አለቀ፣ መሬቱ ይለቀቅ፣ በቃ። ተራ ቁጥር 2 የተወለደው ከፍሬ ነገሩ መልስ ነው።

ሦስተኛውን ጭብጥ እንመልከት። የምርት ግምቱ ለምን ውድቅ ሆነ? ገጽ 5 መጀመሪያ ላይ «ከሳሽ ከመሬቱ በዓመት ምን ያህል ምርት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ያቀረቡት ማስረጃ የለም» ይላል። የሕግ ቁጥር አልተጠቀሰም። በጸሐፊው ምክር ከሄድን ምክንያት የለም ማለት ነው። ምክንያት ግን አለ፤ የማስረጃ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤቱ «የምርት ግምት የመጠየቅ መብት የለዎትም» አላለም። «መጠኑን አላስረዱም» ነው ያለው። የመጀመሪያው የሕግ መልስ ነው፤ ሁለተኛው የፍሬ ነገር መልስ ነው። ፍርድ ሲነበብ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ «ሐተታ» ተብሎ በአንድነት የሚታለፈው ክፍል ሁለት ዓይነት ምክንያት የያዘ ነው። አንዱ ማንን ለምን እንዳመነ ይናገራል። ሌላው ሕጉን እንዴት እንደተረጎመ ይናገራል።

ለምን መለየት አስፈለገ? ይግባኝ ሲመጣ ስለሚለያዩ ነው። ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚወስደው ይግባኝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 መሠረት ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል። በዚያ ደረጃ በማስረጃ ምዘናውም በሕጉም ላይ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ሰበር ሲደረስ ግን በሩ ይጠባል። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። «ምስክሮቼን ለምን አላመኑልኝም» ብሎ ሰበር መሄድ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም። እናታችን «ኪራይ ነው ያልኩት ሊታመንልኝ ይገባ ነበር» የሚል ቅሬታ ካላቸው ቦታው ይግባኙ ነው። ተከሳሹ «ውሉ በመፍረሱ ወደነበርንበት ስንመለስ መሬቱን አልምቼ ያወጣሁት ወጪ ለምን አልታሰበም» ቢል ደግሞ የሚጠየቀው ነገር ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ወጪውን በመልሱ ጠይቆ ነበር ወይ የሚለው ይታያል።

ምክንያቱን ከጌጡ ለመለየት የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለ። የተጠራጠራችሁትን ዓረፍተ ነገር በጣታችሁ ሸፍኑትና ውሳኔውን እንደገና አንብቡ። ውሳኔው አሁንም ይቆማል? ገጽ 4 መጨረሻ ላይ ይህ አለ፦ «ውሉ ኪራይ ነው ቢባል እንኳ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያልተመዘገበ በመሆኑ አከራካሪ ይሆን ነበር።» ሸፍኑት። ውሉ ሽያጭ ነው ስለተባለ ምንም አይጎድልም። ውሳኔው የቆመው በዚህ ላይ አይደለም። ዳኛው በመንገድ ላይ የተናገረው ነው። አሁን ደግሞ «ሽያጭ መሆኑን ተረድተናል» የሚለውን ሸፍኑ። ተራ ቁጥር 2 ወዲያው ይወድቃል። ይህ ምሰሶ ነው። ሰው ያንን የምዝገባ ዓረፍተ ነገር ይዞ «ፍርድ ቤት ያልተመዘገበ ኪራይ አይጸናም ብሎ ወስኗል» ሲል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልወሰነም። ጭብጥም አልያዘበትም።

ጭብጡ ለዚህም ይረዳል። ለእያንዳንዱ ጭብጥ ከሥሩ መልስ ፈልጉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ውሳኔው ላይ ተራ ቁጥር ፈልጉ። ጭብጥ ተይዞ መልስ ከሌለው፣ ወይም ውሳኔው ላይ ያለ ተራ ቁጥር ከየትኛውም ጭብጥ ካልመጣ፣ ፍርዱ ጉድለት አለው። ይግባኝ የሚጽፍላችሁ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስለ ሰበር ውሳኔው

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይህን በግልጽ ይላል፤ ከእሱ በፊትም አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነበር። ስለዚህ የሰበር ውሳኔ ፈልጉ ማለታቸው ትክክል ነው። የሚያስገድደው ግን ትርጉሙ ነው። እዚያ መዝገብ ላይ የረታው ሰው ረቺነት ለሌላ አይተላለፍም። ውሳኔው የሚያስረው የዚያን መዝገብ ተከራካሪዎች ነው። ፍሬ ነገሩም የእነሱ ነው።

የሰበር ውሳኔ ከወረዳው ፍርድ ይልቅ ለመከፋፈል ያስቸግራል። ፍሬ ነገሩ በሦስት እጅ ያለፈ ነው። መጀመሪያ የሥር ፍርድ ቤት ምን እንዳለ ይተረካል፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚው ምን እንዳለ፣ ከዚያ አመልካቹ ምን እንደተቃወመ፣ ተጠሪው ምን እንደመለሰ። ከሳሽ የነበረው ሰው እዚህ ሲደርስ «ተጠሪ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ «አመልካች ማለት በሥር ተከሳሽ የነበረው» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ያላደረገ ሰው ገጽ ሦስት ላይ ሲደርስ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። የሰበሩ የራሱ ድምፅ የሚጀምረው «ይህ ችሎትም» ወይም «እኛም መዝገቡን እንደመረመርነው» ከሚለው በኋላ ነው።

በቅጽ በቅጽ እየታተሙ በወጡት ውሳኔዎች ራስጌ ላይ አጭር ፍሬ ሐሳብ ይቀመጣል። ብዙ ሰው እሱን አንብቦ ይዘጋዋል። እሱ የውሳኔው ማውጫ እንጂ ውሳኔው አይደለም። ውስጥ ያለውን ሁኔታ ሁሉ ሊይዝ አይችልም፤ ሁኔታው ደግሞ ጉዳዩን ይለውጣል።

ወደ መሬታችን እንመለስ። ሰበር «የገጠር መሬት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው፤ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ» የሚል ትርጉም ሰጠ እንበል። የእናታችን ጎረቤት ይህን አገኘ። እሱም ማሳውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። የእሱ ሰነድ ግን «ለአምስት ዓመት አከራይቻለሁ» ይላል፤ ጊዜውም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ያንን የሰበር ውሳኔ ይዞ «መሬቴ ይመለስልኝ፤ ሰበር ወስኗል» ቢል ይረታል? የሰበሩ ትርጉም የቆመው «ሽያጭ» በሚል ፍሬ ነገር ላይ ነው። የእሱ ፍሬ ነገር ኪራይ ነው። እንግዲህ ትርጉሙ ለእሱ አይደርስም። ሰነዱ ላይ ኪራይ ተብሎ ተጽፎ ገንዘቡና ጊዜው ግን ሽያጭ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ያንን ማስረዳት አለበት፤ የሰበሩ ውሳኔ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የሰበር ውሳኔ ሲገኝ የምጠይቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ችሎቱ የያዘው ጭብጥ ምንድን ነው? በምን ፍሬ ነገር ላይ ነው የመለሰው? ያንን ፍሬ ነገር እኔ በመዝገቤ ላይ ማስረዳት እችላለሁ? ከዳኞቹ መካከል በሐሳብ የተለየ ካለ የእሱን ሐሳብ የችሎቱ ትርጉም አድርጌ እንዳልወስድም አያለሁ፤ የልዩነት ሐሳቡ ከውሳኔው በታች በተለየ ርእስ ይጻፋልና። ማን እንደረታ የማየው በመጨረሻ ነው። ካየሁት በኋላም የምገለብጠው ትርጉሙ ያለበትን አንቀጽ ነው፤ ከእሱም ጋር የመዝገብ ቁጥሩን፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀንና ስንት ዳኞች እንደፈረሙበት አብሬ እጽፋለሁ።